እንቁላል የማይገባበት ማጀት፦ የልደት ኬክ፣ ቁርስና የበዓል ድስት

ልጄ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሲሆነው ነው ነገሩ የታወቀው። ሁለት ማንኪያ የእንቁላል ፍርፍር ቀመሰ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከንፈሩ አበጠ፣ አንገቱና ሆዱ ላይ ሽፍታ ወጣበት፣ ከዚያም አስመለሰው። ሐኪሙ የእንቁላል አለርጂ መሆኑን ነግሮን ከማንኛውም ዓይነት እንቁላል እንድናርቀው አዘዘን። እኔ ቁርሱን ምን ላድርገው፣ ልደቱን በምን ላክብር እያልኩ ስጨነቅ እናቴ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። «በጾም ስንበላ የከረምነው ያለ እንቁላል አይደለም እንዴ?»

እውነቷን ነበር። የዓቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ ሌሎቹ አጽዋማትና ረቡዕ ዓርብ ሲጨመሩ የዓመቱ እኩሌታ ገደማ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ሲበሰልበት የኖረ ማጀት ነው ያለን። አዳማ ውስጥ በሁዳዴ ኬክ ቤቶች የጾም ኬክ ይሠራሉ። የዚህ ጽሑፍ መነሻም ይኸው የጾም ሙያ ነው። ሆኖም ጾምና አለርጂ በአንድ ነገር ይለያያሉ። ለጾመኛ ምግቡ ውስጥ እንቁላል አለመጨመሩ ይበቃዋል። ለአለርጂ ልጅ ግን እንቁላል የተመታበት መምቻ፣ እንቁላል ያማሰለ ጭልፋ፣ እንቁላል የነካው ዘይት ሁሉ መታየት አለበት። የጾም ኬክ የተመታው ትናንት የፍስኩ ኬክ በተመታበት ማሽን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምግብ አሠራሩን ከጾሙ ይውሰዱ፣ ጥንቃቄውን ግን ከሐኪሙ።

መጀመሪያ እንቁላሉ ምን ይሠራ እንደነበር ይጠይቁ

ምትክ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። እንቁላል በየምግቡ የሚሠራው ሥራ አንድ ዓይነት አይደለም። በኮትሌትና በአሩስቶ ሥጋውን አያይዞ ይይዛል። በኬክ ውስጥ አየር አቅፎ ሊጡን ያነሳል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይረጋና ኬኩ ተመልሶ እንዳይወርድ ያደርጋል። በብስኩትና በፓንኬክ በአብዛኛው የሚጨምረው እርጥበት ነው። በዳቦ ላይ ሲቀባ ሥራው ማብለጭለጭ ብቻ ነው። ፍርፍር ላይ ግን ምግቡ ራሱ እሱ ነው።

ስለዚህ «ለእንቁላል የሚሆን ምትክ» ተብሎ ለሁሉም የሚያገለግል አንድ ነገር የለም። እኔ የምከተለው ደንብ ይህ ነው፦ አሠራሩ አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ከጠየቀ ተክቼ እሠራዋለሁ። ሦስትና ከዚያ በላይ ከጠየቀ አልሞክረውም። አራት እንቁላል ተመትቶ የሚሠራ ስፖንጅ ኬክ ቁመናው ሁሉ ከእንቁላሉ ስለሚመጣ በተልባም በሙዝም አይድንም። ከመጀመሪያውኑ ያለ እንቁላል የታሰበ አሠራር መፈለግ ይሻላል።

የልደቱ ኬክ

እንዲህ ያለ አሠራር አንድ አለ። በአሜሪካ እንቁላልና ቅቤ እንደልብ ባልተገኘባቸው የ1930ዎቹና የ1940ዎቹ ዓመታት (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) እንደተስፋፋ የሚነገርለት የካካዎ ኬክ ነው። እንቁላልም፣ ወተትም፣ ቅቤም የለውም፤ ስለዚህ በጾምም ይበላል። የሚያነሳው ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ነው። የሚይዘው ደግሞ የዱቄቱ ስታርች ነው።

የመጀመሪያውን ጊዜ እንደተጻፈው ሠራሁትና መሐሉ እንደ ሳህን ሰመጠ። ምክንያቱን ያገኘሁት ቆይቶ ነው። አሠራሩ የተጻፈው ለቆላማ የባሕር ዳርቻ አገር ነው፤ አዳማ ደግሞ ሞቃት ብትሆንም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ጋዙ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል፤ ኬኩ ሳይረጋ ቶሎ ይነሳና ይወድቃል። ውሃውም ቶሎ ይተናል። ስለዚህ ሶዳውንና ስኳሩን ቀነስኩ፣ ውሃውን ጨመርኩ። ለ20 ሳንቲ ሜትር ክብ መጋገሪያ የደረስኩበት ልክ ይህ ነው፦

ፉርኖ ዱቄት 190 ግራም፣ ስኳር 180 ግራም፣ ያልጣፈጠ ካካዎ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ሶዳ ¾ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ½ የሻይ ማንኪያ፣ የምግብ ዘይት 80 ሚሊ ሊትር፣ ውሃ 270 ሚሊ ሊትር፣ ኮምጣጤ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ቫኒላ 1 የሻይ ማንኪያ።

ቢሾፍቱ ወይም ሻሸመኔ ከሆኑ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ስለሚጠጋ ሶዳውን አንድ ቁንጥር ይቀንሱ። ማንኪያውን በቢላ ጀርባ አስተካክለው ይለኩት። አደራ፣ ቤኪንግ ፓውደርና ቤኪንግ ሶዳ አንድ አይደሉም። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ለዚህ ኬክ የሚያስፈልገው ሶዳው ነው።

ኦቨኑን በ180 ዲግሪ አስቀድመው ያሙቁ፣ መጋገሪያውንም ዘይት ቀብተው ታቹን ወረቀት ያልብሱት። ይህን አስቀድመው መጨረስ አለብዎት፤ ኮምጣጤው ሶዳውን ከነካበት ሰዓት ጀምሮ ጋዙ እየወጣ ነውና ሊጡ ወረፋ አይጠብቅም። መብራት የመሄድ ምልክት ካሳየ ኮምጣጤውን ሳይጨምሩ ይቆዩ።

ደረቁን ሁሉ በአንድ ላይ ይንፉ። ካካዎውና ሶዳው ሲጓጉሉ ኬኩ ውስጥ መራራ ነጥብ ሆነው ይቀራሉና መንፋቱን አይዝለሉት። ዘይቱን፣ ቫኒላውንና ውሃውን ጨምረው በማንኪያ ያዋህዱ። በመጨረሻ ኮምጣጤውን ያፍስሱ። ወዲያው ሊጡ ላይ ፈዘዝ ያለ አረፋ ሲወጣ፣ አንዳንድ ቦታም ነጣ ያሉ መስመሮች ሲታዩ ያያሉ። ያ ሲሆን ከሃያ ዙር ያልበለጠ አማስለው መጋገሪያው ውስጥ ይገልብጡት። ማሽን አያስፈልግም፤ እንዲያውም ብዙ ሲመታ የስንዴው ጅማት ይጠነክርና ኬኩ እንደ ዳቦ ይሆናል። ሊጡ ከለመዱት የኬክ ሊጥ ቀጠን ያለ ነው፤ ዱቄት አይጨምሩበት።

ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይጋገራል። መልኩ ከመጀመሪያውም ጥቁር ስለሆነ በቀለም አይፍረዱ። መሐሉ ላይ ስቴኪኒ ሰክተው ሲያወጡት ሊጥ ካልያዘ ደርሷል። 25 ደቂቃ ሳይሞላ ኦቨኑን መክፈት መሐሉን ያሰምጠዋል። ኦቨን ለሌለው ቤት፣ ወፍራም ትልቅ ድስት ውስጥ የብረት ማስቀመጫ አድርገው፣ ድስቱን ከድነው በመጠነኛ እሳት 10 ደቂቃ ያሙቁትና መጋገሪያውን ያስገቡ። ክዳኑ መግጠም አለበት፤ ጊዜውም ወደ 50 ደቂቃ ይሄዳል።

ሲወጣ 10 ደቂቃ በመጋገሪያው ይቆይ፣ ከዚያ ይገልበጥ። እንቁላል የሌለው ኬክ ትኩስ ሳለ ከተቆረጠ ይፈረፈራል። ሲበርድ ግን በደንብ ይያዛል። ከጠዋት ይልቅ ማታውን ጋግረው ሌሊቱን ቢያሳድሩት ቆረጣው ንጹሕ ይሆናል።

ሲቀምሱት ሳሙና ሳሙና ካለ ሶዳው በዝቷል። መሐሉ ከሰመጠ ወይ ሶዳው በዝቷል ወይ አልደረሰም፤ ለመለየት ቆርጠው ይዩት። የሰመጠው ቦታ እርጥብና ድፍን ከሆነ አልደረሰም፤ ደረቅና ቀዳዳው ሰፋፊ ከሆነ ሶዳው ነው። ጭራሽ ካልተነሳ ሊጡ ቆይቷል፣ ወይም ሶዳው አርጅቷል። ሶዳው አለመሞቱን ለማወቅ ሩብ የሻይ ማንኪያ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት፤ ካልፈላ ይጣሉት።

ለላዩ ቅቤ ወይም ማርጋሪን ከዱቄት ስኳር ጋር መምታት ይበቃል፤ የማርጋሪኑን መለያ ግን ያንብቡ። ከእንቁላል ነጭ የሚመታውን ክሬም አይንኩት። በአዳማ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ቅቤ ስለሚቀልጥ በእነዚያ ወራት ኬኩን የምቀባው ልጆቹ ከመቀመጣቸው ጥቂት ቀደም ብዬ ነው።

ተልባና ሙዝ

ለብስኩት፣ ለፓንኬክና ለኮትሌት ተልባን የሚያህል የለም። ለአንድ እንቁላል 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ከ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጋር አዋህደው 10 ደቂቃ ያቆዩት። ማንኪያውን ሲያነሱ እንደ እንቁላል ነጭ እየተጎተተ ከመጣ ተዘጋጅቷል። እንደ ውሃ ከወረደ አፈጫጩ አልላመም። ለመጠጥ ተቆልቶ የተፈጨው ተልባም ይሠራል፤ ጣዕሙና መዓዛው ግን ጎልቶ ስለሚወጣ ለብስኩት ያልተቆላውን እመርጣለሁ። የተፈጨ ተልባ በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ ጥቂት ጥቂት ፈጭተው በማቀዝቀዣ ያስቀምጡት። ተልባ ያያይዛል እንጂ አያነሳም። ከሁለት እንቁላል በላይ ለመተካት ሲሞክሩ መሐሉ የሚያጣብቅ ነገር ያገኛሉ።

ሙዝ ደግሞ ግማሹ የአንድ እንቁላል ቦታ ይሞላል። ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ፣ በሹካ ሲጫኑት ወዲያው የሚልም መሆን አለበት። የሙዝ ጣዕም አይደበቅም፤ ለፓንኬክ ጥሩ ነው፣ ለዝንጅብል ብስኩት አይሆንም።

ለቤት ዳቦ ነገሩ ቀላል ነው። ድፎ ዳቦ በተፈጥሮው እንቁላል አይፈልግም። ላዩን ማብለጭለጭ ከፈለጉ ወተት ወይም ስኳር የሟሟበት ሻይ ይቀቡት። ከዳቦ ቤት ሲገዙ ግን ላዩ የሚያብረቀርቀውን በምን እንደቀቡት ይጠይቁ፤ ሻጩ «እንቁላል የለውም» የሚለው ሊጡን አስቦ ሊሆን ይችላል።

የጠዋቱ ፍርፍር

እህቶቹ የእንቁላል ፍርፍር ሲበሉ ልጄ ደረቅ ዳቦ ይዞ ማየት አልቻልኩም። መልሱ የተገኘው አሁንም ከጾሙ ነው። ቡጢጫን የሚያውቁ፣ የሽምብራ ዱቄት ቢጫ ሆኖ ተፈርፍሮ ሲቀርብ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። ሽምብራውም ከሩቅ አይመጣም፤ አድአና ሎሜ የሽምብራ አገር ናቸው።

የሽሮ ዱቄት ግን አይሆንም። ሽሮ ተቆልቶና ቅመም ገብቶበት የተፈጨ ስለሆነ አይረጋም፤ ወጥ ይሆናል። ያልተቆላ የሽምብራ ክክ ገዝተው ወፍጮ ቤት አልመው ያስፈጩ። አንድ ብርጭቆ ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድና ጨው መትተው 15 ደቂቃ ያቆዩት። በመጥበሻ ሽንኩርትና ቲማቲም ቁሌት አድርገው ለብቻው ያውጡ። መጥበሻውን በዘይት አሙቀው ሊጡን ያፍስሱ፣ ይክደኑት፣ አራት ደቂቃ አይንኩት። ጫፉ ሲላቀቅና ላዩ እርጥበቱን ሲያጣ ይገልብጡት። ከዚያ በእንጨት ማንኪያ ሰባብረው ቁሌቱንና ቃሪያውን ይጨምሩበት። ገና ሳይረጋ ካማሰሉት ገንፎ ይሆናል። ሲቀምሱት ጥሬ ጥሬና መረር ካለ አልበሰለም፤ ተከድኖ ሦስት ደቂቃ ይጨመርለት።

ሽምብራም፣ ሰሊጥም፣ ለውዝም ለአንዳንድ ልጅ አለርጂ ይሆናሉ። ልጅዎ ሽምብራ ቀምሶ የማያውቅ ከሆነ መጀመሪያ በትንሹ፣ ቀን ላይ፣ ቤት ሳሉ ያቅምሱት።

ዶሮ ወጥ፣ አሳና ገበታው

በዓል ሲመጣ የሚበዛው ስሕተት «እንቁላሉን ለይቼለት ወጡን ይብላ» ማለት ነው። እንቁላሉ ተነድሎ ድስቱ ውስጥ ተንተክትኮ ከወጡ ጋር ተዋሕዷል፤ መለየት አይቻልም። በእንቁላል ነጭ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች አንዱ፣ ኦቮሙኮይድ የሚባለው፣ በመፍላት በቀላሉ አይበላሽም። ስለዚህ መቀቀሉ ለልጁ ዋስትና አይሆንም። በዱቄት ውስጥ ገብቶ ረጅም ጊዜ የተጋገረ እንቁላል የሚስማማቸው ልጆች አሉ፤ የእርስዎ ልጅ ከእነዚያ መሆን አለመሆኑን ግን የሚሞክረው ሐኪም ነው እንጂ ማጀት አይደለም።

እኛ ቤት ድስቱ ራሱ ያለ እንቁላል ይሠራል። እንቁላሉ በሌላ ድስት ተቀቅሎ ለሚፈልግ አዋቂ በሳህኑ ይቀርባል። በወጡ ውስጥ ቦታውን የሚይዘው ትንንሽ ድንች ነው፦ ሙሉውን ቀቅለው፣ ልጠው፣ ልክ እንደ እንቁላሉ ዙሪያውን በቢላ ነደል ነደል አድርገው ወጡ ሊወርድ 15 ደቂቃ ሲቀረው ይጨምሩት። ቀዩን ወጥ ጠጥቶ ሲወጣ ልጄ ከእህቶቹ ቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ዶሮውን ሲገዙም አውራውን ይምረጡ። የዶሮ ሥጋ ከእንቁላል የተለየ ስለሆነ አብዛኞቹ የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ልጆች ይበሉታል። ሴቷን ሲበልቱ ግን ሆዷ ውስጥ ገና ያልተጣሉ፣ ቢጫ ኳስ የሚመስሉ አስኳሎች ተደርድረው ይገኛሉ፤ አንዱ ሲፈነዳ ሥጋውን ሁሉ ይነካዋል። የዳክዬና የሌሎች ወፎች እንቁላልም ምትክ አይደለም፤ ፕሮቲኑ ተመሳሳይ ነው።

ከባቱ የሚመጣውን ቆሮሶ ቤት ውስጥ ሲጠብሱ በእንቁላል ፋንታ አሳውን በሎሚና በጨው አሽተው፣ የሽምብራ ዱቄት በውሃ ወፈር አድርገው በጥብጠው ይንከሩትና በፉርኖ ዱቄት ያገላብጡት። ምግብ ቤት ሲሄዱ የአሳውን ልባስ ብቻ ሳይሆን ዘይቱን ይጠይቁ። በእንቁላል የተነከረ ኮትሌት በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ ድንች እንኳ ለልጁ አይሆንም። የታሸገ ነገር ላይ ደግሞ ማዮኔዝ፣ አልቡሚን፣ ኦቫልቡሚን፣ ላይሶዛይም የሚሉትን ይፈልጉ፤ ሁሉም ከእንቁላል ሊመጡ ይችላሉ።

ከሁሉም የከበደኝ ጉርሻ ነው። እንቁላል የቆረሰ እጅ በፍቅር ያጎርሰዋል፤ አያት ወይም ጎረቤት እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ይመስላል። እኔ በዓል ሳይደርስ አስቀድሜ እናገራለሁ፦ «እማማ፣ እሱን የማጎርሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ እንቁላል የነካ ጣት ሆስፒታል ያስገባዋል።» ምክንያቱን ሲሰሙ አንድም የተቀየመኝ የለም። ልጄ የራሱ ሳህን አለው፤ እንቁላል የላጠ ሰው ልጁን ከመንካቱ በፊት በሳሙና ይታጠባል። የእጅ ማጽጃ አልኮል ጀርም ይገድላል እንጂ የእንቁላሉን ፕሮቲን አጥቦ አያስወግድም። ልጁን ለምትጠብቀው ልጅና ለመዋዕለ ሕፃናቱም በወረቀት ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ በእኛ ሠፈር አፋን ኦሮሞ የሚቀለው ሰው ብዙ ስለሆነ ሃንቃቁና ኪሌ የሚሉትን ሁለቱንም የእንቁላል መጠሪያዎች አክዬበታለሁ።

ወረቀቱ ላይ ምልክቶቹም አሉ። ሽፍታ ብቻ ከሆነ ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ዓይን ሳይነቀል ይጠበቃል። መተንፈስ ካቃተው፣ ደረቱ ሲር ሲር ካለ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ምላሱ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ከዛለ ግን መጠበቅ የለም። አድሬናሊን መርፌ በእጅ ካለ ሐኪሙ እንዳሳየው ወዲያው ይወጋል፤ ቢወጋም ባይወጋም በተገኘው መኪና ወደ ሆስፒታል ይበረራል፣ ወይም የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። እስኪደርስ ድረስ ልጁ አይቁም፣ አይራመድ፤ ይጋደም፣ መተንፈስ ካስቸገረው ደግሞ ተደግፎ ይቀመጥ።

የልደቱን ኬክ በተመለከተ አንድ የቀረ ነገር አለ። ሁልጊዜ ሁለት መጋገሪያ እጋግራለሁ፤ አንዱን ለበዓሉ፣ ሌላውን በቁራሽ በቁራሽ ጠቅልዬ ለፍሪዘር። የሌላ ልጅ ልደት ሲጠራ ጠዋት አንድ ቁራሽ አወጣና በክዳን ዕቃ አደርግለታለሁ። ሻማው እስኪበራ ድረስ በረዶው ለቆ ይለሰልሳል።